ጎማው የሚከፍተው ሲሳብ ነው፦ ስለተደፈነ ሽንት ቤት ለብሎካችን ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር

(እሁድ ከሰዓት በኋላ በኮሚናሉ ውስጥ በተደረገው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ያልመጡት ጎረቤቶች ስለጠየቁ፣ አንዳንድ ቦታ ከማቃናት በቀር እንዳለ ጽፌዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ ጎረቤቶቼ! እማማ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፣ ይምጡ ይቀመጡ። ልጆች፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሃይላንዶች እንዳትነኩ፣ በኋላ እናንተን ነው የማስነቀንቃችሁ።

ሰብሳቢያችን «ስለ ሽንት ቤት ንገረን» ሲሉኝ «ቡና እየተፈላ?» አልኳቸው። «ሁላችንም ቤት አለ፣ ምን ያሳፍራል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በቧንቧ ሥራ 22 ዓመት ሆነኝ፤ ሰው ሽንት ቤቱ ሲደፈን መጀመሪያ የሚያደርገው መደበቅ ነው። ለጎረቤት አይነግርም፣ በሩን ይዘጋና ብቻውን ይታገላል። ሁለት ቀን ከታገለ በኋላ፣ ውኃው ሳሎን ሲደርስ ነው የሚደውልልኝ።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ የተደፈነው የት ነው? ሁለተኛ፣ በእጀታ በሚጫንና በሚሳብ ጎማ፣ ደግሞም ስፕሪንግ በምንለው ጥምዝምዝ ሽቦ እንዴት ይከፈታል? ሦስተኛ፣ ምን አይጣልበትም? ቅደም ተከተሉን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ከሁለተኛው ይጀምራል።

እሺ፣ አንደኛው። የተደፈነው የት ነው?

የምንቀመጥበት ሸክላ ውስጡ ቀጥ ያለ ቱቦ አይደለም። ውኃው ወደ ታች ይሄድና ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ከዚያ እንደገና ይወርዳል። ያቺን እጥፋት ሲፎን እንላታለን። ሁልጊዜ ውኃ የሚቆምባት ለዚህ ነው፤ ያ ውኃ የፍሳሹን ሽታ ወደ ቤት እንዳይገባ ይዘጋል። መንገዷ ጠባብ ናት፣ ከአምስት ሴንቲሜትር ብዙም አትበልጥም። እሷን ያለፈ ነገር ግን ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር የሆነ ፒ.ቪ.ሲ. ውስጥ ይገባል፣ ከእጥፍ በላይ ይሰፋለታል። ስለዚህ አንድ ነገር የሚቀረቀረው ብዙ ጊዜ ሲፎኗ ላይ ነው። ልጅ የጣለው መጫወቻ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ የተጠቀለለ ሞዴስ፣ ሁሉም እዚያ ይያዛል። ይሄ የራሳችሁ ችግር ነው፣ በራሳችሁም እጅ ይፈታል።

ሌላው ደግሞ የጋራው ቱቦ ነው። የእኛ ሕንፃ ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ አለው። ከላይ እስከ ታች የሚወርደው ቋሚ ቱቦ የአምስት ቤት ፍሳሽ ይሰበስብና መሬት ውስጥ ታጥፎ ወደ ማንሆሉ ይሄዳል። እዚያ ታች ከተደፈነ ጎማ ይዛችሁ ብትውሉ ብታድሩ ምንም አትፈይዱም።

እንዴት ይለያል? የሻወሩን የወለል ቀዳዳ ተመልከቱ። ሽንት ቤቱ ብቻ ሞልቶ፣ ሻወሩና የእጅ መታጠቢያው ግን እንደወትሮው የሚያፈስ ከሆነ፣ የተደፈነው ሲፎኗ ናት። ሽንት ቤት ላይ ውኃ ስትለቁ የሻወሩ ቀዳዳ ጉር ጉር ካለ ወይም ውኃ ከተፋ ግን፣ ችግሩ ከቤታችሁ ወጥቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እናንተ ምንም ሳትለቁ ውኃ እየወጣ ከሆነ፣ ያ ውኃ የእናንተ አይደለም! የማን ነው? ከላይ ያለው ሰው የለቀቀው ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። ሌላ ሰፈር ነው፣ እንደ እኛው ያለ ኮንዶሚኒየም። ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት ቅዳሜ ጠዋት ደወሉልኝ። ስደርስ ሽንት ቤታቸው እስከ አፉ ሞልቷል፣ የሻወሩ ወለል ላይ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ውኃ ቆሟል። ሁለት ቀን በጎማ ሲታገሉ እጃቸው ውኃ ቋጥሯል። «ልጄ፣ እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣሁት?» አሉኝ። ጥያቄው ራሱ መልስ ነበር። ሰፈሩ ውኃ የሚያገኘው በሳምንት ሁለት ሌሊት ነው። ሌሊቱን ውኃ መጥቶ ሦስተኛ ፎቅ ልብስ ሲታጠብ፣ አራተኛ ፎቅ በርሜል ሲሞላና ቤት ሲወለወል አድሯል። ያ ሁሉ ነው እሳቸው ጋ የወጣው።

ለማረጋገጥ ሁለተኛ ፎቅ ወጥቼ አንዷን ልጅ «አንድ ባልዲ ውኃ ሽንት ቤት ላይ ድፊልኝ» አልኳት። ስትደፋው እታች የሻወሩ ቀዳዳ ላይ ውኃው ብቅ አለ። ልብ በሉ፣ ሁለተኛ ፎቅ ምንም ችግር የለም! አንደኛ ፎቅም የለም! ቱቦው እታች ሲደፈን ውኃው ቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ይቆማል፣ መጀመሪያ ያገኘው ክፍት አፍ ደግሞ የምድር ቤቱ የወለል ቀዳዳ ነው። በዚያ ይወጣል እንጂ አንደኛ ፎቅ አይደርስም። የሚጥለው ላይ ያለው ነው፣ የሚዋኘው ታች ያለው ነው። ላይ የምትኖሩ፣ «እኔ ቤት ተደፍኖ አያውቅም» የምትሉት ለዚህ ነው። አያችሁ?

ከዚያ ወደ ውጭ ወጥቼ ከግድግዳው አጠገብ ያለውን የመጀመሪያውን ማንሆል ከፈትኩ። ማንሆል ሁሉን ይናገራል። ሙሉ ከሆነ፣ የተደፈነው ከዚያ ወዲያ ነው፣ ወደ ዋናው መስመር ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንኩ በሚሄደው በኩል። ደረቅ ከሆነ፣ የተደፈነው ከዚያ ወዲህ ነው፣ በማንሆሉና በሕንፃው መካከል። ደረቅ ነበር። ስለዚህ አራት አምስት ሜትር ቱቦ ላይ ብቻ ነው ሥራዬ። ግማሽ ቀን ሊፈጅ የሚችለውን ፍለጋ አንድ ክዳን ማንሳት ጨረሰው።

ስፕሪንጉን ከማንሆሉ በኩል ወደ ሕንፃው ላክሁ። አራት ሜትር ገደማ ላይ ለስላሳ ነገር ነካ። ድንጋይ ሲነካ እጅ ላይ ቋ ይላል፣ ጨርቅና ስብ ሲነካ ግን ሽቦው እየከበደ፣ እየተጠማዘዘ ይመጣል። አዞርኩት፣ ያዘልኝ፣ ሳብኩት። ምን ወጣ መሰላችሁ? የመወልወያ ክር! በክሩ ላይ ዋይፕስ ተጠምጥሟል፣ በዋይፕሱ ላይ ሞዴስ፣ በዚያ ሁሉ ላይ ነጭ ስብ እንደ ሻማ ረግቶበታል። ክንድ የሚያክል ገመድ ነበር የመሰለው። ከወጣ በኋላ ቱቦው ውስጥ ቆሞ የነበረው ሁሉ ባንዴ መጣ። የዚህ ቱቦ አንድ ሜትር ከስምንት ሊትር በላይ ይይዛል፣ ስለዚህ ሲከፈት ከማንሆሉ ፊት ለፊት አይቆምም፣ ወደ ጎን ነው። እኔ ይሄን የተማርኩት በሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ዝርዝሩን ቡና ካለቀ በኋላ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለፍ። ቋሚው ቱቦ መሬት ላይ ሲደርስ የታጠፈው በአንድ ዘጠና ዲግሪ ክርን ነበር። በሁለት አርባ አምስት ዲግሪ ቢታጠፍ ኖሮ ውኃው እየተንሸራተተ ያልፍ ነበር። ግን ያ የግንበኛው ጥፋት ነው፣ አሁን ወለል ሰብሮ የሚያስተካክል የለም። ክሩን የጣለው ግን ግንበኛው አይደለም!

ሁለተኛው ነጥብ፣ ጎማና ስፕሪንግ።

የተደፈነው የራሳችሁ ሲፎን መሆኑን ካወቃችሁ፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ ምንድን ነው? ሁለተኛ ውኃ አትልቀቁ! ሰው ሞልቶ ሲያይ ይደነግጥና «ምናልባት ይገፋው ይሆናል» ብሎ እንደገና ይለቃል። አይገፋውም፣ ወለሉ ላይ ይፈሳል። ከመቀመጫው ጀርባ ያለው የውኃ ሣጥን እንዳይሞላ፣ ከጎን ያለችውን ቫልቭ ወደ ቀኝ ዝጉ። ከዛገች ደግሞ አታስገድዷት፣ ትሰበራለች፤ የሣጥኑን ክዳን አንሱና ተንሳፋፊውን በእጅ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት፣ ውኃው ይቆማል።

አሁን ጎማው። ሁለት ዓይነት ነው። ይሄ እንደ ግማሽ ኳስ ከሥሩ ጠፍጣፋ የሆነው ለእጅ መታጠቢያና ለሻወር ነው። ይሄኛው ግን ከውስጡ ሌላ ጠባብ የጎማ አፍ የወጣለት፣ ይሄ ነው የሽንት ቤት። ለምን? የሽንት ቤት ቀዳዳ ክብና ጠፍጣፋ ስላልሆነ ጠፍጣፋው ጎማ ከጎን አየር ያስገባል። አየር ከገባ ደግሞ ሥራው የለም። ብዙ ሰው «ጎማ ሞክሬ እምቢ አለ» የሚለኝ፣ ሄጄ ሳይ የእጅ መታጠቢያውን ጎማ ይዞ ነው።

ውኃው የጎማውን ጭንቅላት መሸፈን አለበት። ካነሰ በጣሳ ጨምሩ፣ ከበዛ ቅዱና በባልዲ አስቀምጡ። ጎማውን ቀጥ አድርጋችሁ ካስገባችሁት ሆዱ ውስጥ አየር ይዞ ይገባል። አዘንብሉት፣ አየሩ ቡልቅ ብሎ ይውጣ፣ ውኃ ይሙላው፣ ከዚያ ቀዳዳው ላይ አስቀምጡት። የመጀመሪያው ግፊት ቀስ ብሎ ነው፣ ያለዚያ ፊታችሁ ላይ ነው የሚረጨው። ከዚያ ጎማውን ሳታነሱ፣ ጫን ሳብ፣ ጫን ሳብ፣ አሥራ አምስት ሃያ ጊዜ። በመጨረሻው ላይ በኃይል ወደ ላይ ንቀሉት።

እዚህ ላይ አዳምጡኝ። ሰው ሁሉ በመግፋቱ ላይ ነው ጉልበቱን የሚያፈሰው። ሲገፋ ግን የተቀረቀረው ነገር እየጠበቀ፣ እየጠበቀ ይሄዳል። የመጣው ከዚህ ወገን ነው አይደል? ስለዚህ ወደመጣበት መመለስ ይቀለዋል። ጎማው የሚከፍተው ሲሳብ ነው! ሲሳብ ይላላል፣ ሲገፋ ይንቀሳቀሳል፣ እንደገና ሲሳብ ይፈርሳል። መግፋቱን ለስለስ፣ መሳቡን ጠንከር አድርጉ። እንደ ቅቤ መናጥ ነው፣ በመግፋት ብቻ ቅቤ አይወጣም። እናቶች ታውቁታላችሁ።

ውኃው ድንገት ዝቅ ካለ ተከፍቷል ማለት ነው። ግን አሁንም ሣጥኑን አትልቀቁ። በባልዲ ትንሽ ደፍታችሁ ሞክሩ። በባልዲ ከሆነ ሲሞላ ስታዩ ማቆም ትችላላችሁ፣ ሣጥኑ ከተለቀቀ ግን ማቆሚያ የለውም። ሦስት አራት ዙር ሞክራችሁ ምንም ካልተንቀሳቀሰ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙናና አንድ ባልዲ ሞቅ ያለ ውኃ ጨምሩና ሃያ ደቂቃ ተዉት። ሞቅ ያለ ነው ያልኩት፣ የፈላ አይደለም! የፈላ ውኃ ቀዝቃዛ ሸክላ ላይ ሲደፋ ሸክላው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ ሌላ ወጪ ነው።

ስፕሪንግ ደግሞ ጎማው ሲያቅተው ነው። ጥምዝምዝ ሽቦ ነው፣ ጫፉ ላይ መንጠቆ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ማዞሪያ እጀታ አለው። ለሽንት ቤት የተሠራው አንድ ሜትር አካባቢ ነው፣ ሸክላውን እንዳይቧጭር ጫፉ አካባቢ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ለብሷል። ዝም ብሎ ራቁት ሽቦ ካስገባችሁ ሸክላው ውስጥ ጥቁር መስመር ይተዋል፣ አይለቅም። እጥፋቷ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ያኔ አትግፉ፣ እያዞራችሁ አሳልፉ። የተደፈነውን ሲነካ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አዙሩት፣ ወደ ቀኝ። ወደ ግራ ካዞራችሁ የያዘውን ይለቃል። የያዘ ሲመስላችሁ እያዞራችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ጨርቅ ከሆነ ይወጣል። የጥርስ ብሩሽ ወይም ጠንካራ መጫወቻ ከሆነ ግን ስፕሪንጉ አይነክሰውም፣ ጭራሽ ያሰምጠዋል። ያኔ መቀመጫው ተፈቶ፣ ተገልብጦ ነው የሚወጣው። እሱ የባለሙያ ሥራ ነው።

በፌሮ የሚወጉ አሉ። አሉ! እጅ አውጡ አልልም። እኔም ወግቼ አውቃለሁ። ሥራ ስጀምር አንድ ቤት ገብቼ፣ ጎማው እምቢ ሲለኝ ባለቤቱ በረንዳ ላይ ያለ ባለ አሥር ፌሮ አመጡልኝ። ሁለት ጊዜ ወጋሁ፣ ተከፈተ! ባለቤቱ መረቁኝ፣ ሻይ ጠጣሁ። ከሳምንት በኋላ ከታች ያለው ቤት ጣሪያ ላይ ቢጫ ውኃ ይንጠባጠብ ጀመር። ለካ የከፈትኩት መንገዱን ሳይሆን ሸክላውን ነው፤ ሲፎኗን ከታች በስቻታለሁ። የዚያን ወር ደመወዜን መቀመጫ ገዛሁበት።

አሲድስ? አሲድ ጨርቅና ሞዴስ ያቀልጣል ብላችሁ አትመኑት። ይባስ ብሎ ከእናንተ በፊት ቤተሰባችሁ በረኪና ደፍቶ ከሆነ፣ በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሽንት ቤቱ ጠባብ ነው፣ መስኮቱ ትንሽ ነው፣ ሳንባ ያቃጥላል። ሰው በሳል ተንበርክኮ አይቻለሁ። አሲድ ከደፋችሁ ደግሞ ከዚያ በኋላ ጎማ አትጠቀሙ፣ ዓይናችሁ ላይ ይረጫል፤ ባለሙያም ከጠራችሁ ንገሩት። እኔን ሳትነግሩኝ ስፕሪንግ አታስገቡኝ፣ እለምናችኋለሁ።

ወደ ሦስተኛው ልሂድ። ምን አይጣልም? አንተ ልጅ፣ ና። ይሄን ሃይላንድ ነቅንቅልን። ጠንከር አድርገህ! ዛሬ ጠዋት የጥቅል ሶፍት ነው የከተትኩበት። አያችሁ፣ ወተት መሰለ። ይሄኛውን ደግሞ ነቅንቀው። ሦስት ሳምንት ሆኖታል፣ አንድ ዋይፕስ ነው። በል፣ ነቅንቅ! ደክሞህ ትተኛለህ እንጂ አይበተንም። ዛሬም አውጥታችሁ ብታጥቡት ልጅ ይጠርጋል። እሽጉ ላይ «ሽንት ቤት ይጣላል» የሚል ምልክት ቢኖረውም ሃይላንዱን እመኑ እንጂ እሽጉን አትመኑ። ቤታችሁ ሞክሩት፣ የምታወጡት ምንም የለም።

ሦስተኛው ሃይላንድ ውስጥ ያለው የእራት ናፕኪን ነው። ወረቀት ነው፣ ግን ውኃ ነክቶት እንዳይቀደድ ተብሎ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ ለሁለት ተከፍሎ ቁጭ ብሏል። ጋዜጣና የደብተር ወረቀትም እንደዚያው። ሞዴስና ዳይፐርማ ሥራቸው ውኃ መጠጣት ነው፤ ሲፎኗ ውስጥ ገብተው ያብጣሉ። ሴት ልጆቻችንን አንቆጣ፣ ክዳን ያለው ቅርጫት ሽንት ቤቱ ውስጥ እናስቀምጥላቸው። ቅርጫት በሌለበት ቤት «አትጣሉ» ማለት ምን ማለት ነው? የት ያድርጉት?

ፀጉር፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ ኮንዶም፣ ጥጥ፣ ይሄን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝርም። የእኛ አገር ጉዳይ የሆነውን አንዱን ግን ሳልናገር አልወርድም። በዓል! በፋሲካ ማግስት፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት ስልኬ አያርፍም። በግ ይታረዳል፣ አንጀቱ የት ይታጠባል? ሽንት ቤት። ፈርሱ የት ይደፋል? ሽንት ቤት። ፈርስ ምንድን ነው? የታኘከ ሣር ነው፣ ጭድ ነው። ቱቦ ውስጥ ጭድ ከሞራ ጋር ሲገናኝ ጭቃ ቤት የተሠራበት ነገር ነው፣ ግድግዳ ይሆናል! ኮሚናሉ የተሠራው ለዚህ አይደል እንዴ? ፈርሱን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጡ።

ዘይትና የወጥ ቅሪትም እንዲሁ። ትኩስ ዘይት ሲደፋ ፈሳሽ ነው፣ ሁለት ሜትር ሄዶ ሲቀዘቅዝ ይረጋል። በ2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ለንደን ውስጥ ኋይትቻፕል በሚባል ሰፈር፣ ከመሬት በታች ባለው የፍሳሽ መስመር ውስጥ 250 ሜትር ርዝመት፣ 130 ቶን ክብደት ያለው የረጋ ስብና ዋይፕስ ተገኝቷል። ቁራጩን በዓመቱ ሙዚየም አስቀምጠውት ሰው እየሄደ አይቶታል። እኛ ሙዚየም አያስፈልገንም፣ ማንሆሉን ስንከፍት እናየዋለን። ዘይቱ ይቀዝቅዝ፣ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጋችሁ ክዳኑን ዝጉና ከቆሻሻ ጋር ስጡ።

አሁን «ምንም ሳንጥልስ ለምን ይደፈናል?» የሚል ይኖራል። አለ፣ እጅ አይቻለሁ። በውኃ ማነስ ነው። ውኃ ሲጠፋ በጣሳ እንደፋለን። ሁለት ሊትር ሲፎኗን ያሳልፍላችኋል፣ እናንተ ንጹሕ ሆኖ ታያላችሁ፤ ነገሩ ግን መሬት ውስጥ ያለው ጋደም ያለ ቱቦ ላይ ደርሶ ይቀመጣል። በላዩ ላይ የነገው ይደረብበታል። የሣጥኑ ውኃ ስድስት ሊትር፣ በአሮጌዎቹ ደግሞ ዘጠኝ ሊትር የሆነው በከንቱ አይደለም። ስለዚህ የልብስ ማጠቢያውን ውኃ አትድፉ፣ በባልዲ አስቀምጡት። አሥር ሊትር ባልዲ፣ ከወገብ ከፍ አድርጋችሁ፣ ባንዴ ድፉት። በቀጭኑ ካንቆረቆራችሁት ያው እየሞላ ያልፋል እንጂ አይገፋም። ሦስት ጊዜ በጣሳ ከመድፋት በቀን አንዴ በባልዲ ባንዴ መድፋት ይሻላል። ግን ያ የልብስ ውኃ ውስጥ ካልሲ እንዳይኖር እዩ፣ ካልሲ አውጥቼ አውቃለሁ።

ሰብሳቢያችን ሰዓታቸውን እያዩ ነው። አሁን ቡናው ከመቅረቡ በፊት ሁላችንም እንነሳና ከብሎኩ ኋላ እንሂድ፣ የእኛን ማንሆል ከፍቼ አሳያችኋለሁ። ጥበቃው ዲጂኖ ይዞልኝ ይምጣ። ልጆች በእጃችሁ ይያዙ፣ ማንም ጎንበስ ብሎ አፉ ላይ እንዳይተነፍስ፤ ማንም ደግሞ ለምንም ነገር ወደ ውስጥ አይገባም፣ ቀለበት ቢወድቅበትም አይገባም፣ እዚያ ውስጥ ያለው ጋዝ ሰው ሳያውቀው ይጥላል። ክዳኑን አንስተን አንድ ሰው አራተኛ ፎቅ ሄዶ አንድ ባልዲ ይድፋልን። ውኃው በስንት ሰከንድ እንደሚደርስ እንቆጥራለን። አራተኛ ፎቅ ማን ነው ቁልፍ የያዘው?